በአንድ ቀን 96 ሰው፦ የጽጌረዳ እርሻዎች የጥር ቅጥር

የቫለንታይን ቀን በእኛ አቆጣጠር የካቲት 6 ወይም 7 ይውላል። ለጽጌረዳ እርሻ ግን በዚያን ዕለት ሥራው ካለቀ ሰንብቷል። አበባው ተቆርጦ፣ ተለይቶ፣ ታሽጎ፣ ቦሌ ደርሶ፣ አውሮፓ ገብቶ ለየሱቁ መከፋፈል ስላለበት ትልቁ ጫና ከጥር 18 ገደማ እስከ የካቲት 2 ባሉት ሁለት ሳምንታት ላይ ይወድቃል። በዝዋይ፣ በሆለታ፣ በሰበታ ወይም በቢሾፍቱ ያለ እርሻ በእነዚህ ቀናት ከወትሮው እጅግ የበለጠ አበባ ያወጣል፤ ያንን የሚቆርጥና የሚለይ ተጨማሪ ሰውም ይፈልጋል።

የሚገርመው ይህ ጫና ድንገተኛ አለመሆኑ ነው። ተክሉ ለቫለንታይን እንዲደርስ የሚቀነጠበው ከሁለት ወር ገደማ በፊት ስለሆነ፣ የእርሻው አግሮኖሚስት በታኅሣሥ መጀመሪያ በጥር መጨረሻ ስንት ዘንግ እንደሚወጣ በግምት ያውቃል። እንዲያም ሆኖ በብዙ ቦታ ቅጥሩ የሚጀመረው አበባ የያዘው ባልዲ፣ አበባው በርዝመትና በጥራት በሚለይበት በግሬዲንግ አዳራሹ በር ላይ መደርደር ሲጀምር ነው። ያኔ ሱፐርቫይዘሩ ወደ በሩ ይወጣና ከተሰለፈው ሰው መሀል «አንቺ፣ አንቺ፣ አንተ» ብሎ ያስገባል። ከገቡት ግማሾቹ በሳምንቱ የሉም፤ ከቀሩት ደግሞ ጥቂት የማይባሉት የሠሩትን እሽግ የጥራት ተቆጣጣሪው እየፈታ እንደገና ያሠራቸዋል።

ከዚህ የሚሻለው መንገድ ረጅም ቃለ መጠይቅ አይደለም። ለአርባ ሰው ቅጥር መቶ ሰው አንድ በአንድ ማነጋገር አይቻልም፤ ቢቻልም «ለምን እዚህ መሥራት ፈለግሽ?» የሚለው ጥያቄ 50 ሳንቲ ሜትሩን ከ60 ስለመለየት የሚነግረን ነገር የለም። የሚሠራው ሰዎቹን በቡድን አስገብቶ ሥራውን በትክክል ማሳየት፣ ከዚያም ትንሽ ቁራጭ ሥራ ሰጥቶ ውጤቱን መቁጠር ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው የግሬዲንግ አዳራሹን ቅጥር ነው፤ ስለ ቆራጮቹ መሀል ላይ ጥቂት ይነሳል።

ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ቁጥሩን ከማሳያ ምሳሌ እንነሳ። አንድ እርሻ በወትሮው ቀን 100,000 ዘንግ ያወጣል እንበል፤ 50 ግሬደሮች አሉት፤ እያንዳንዳቸው በ8 ሰዓት 2,000 ዘንግ ይለያሉ። በጫናው ሳምንት ምርቱ ወደ 160,000 ይወጣል። መጀመሪያ የሚታሰበው ትርፍ ሰዓት ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያሳልፍም። በሳምንት 48 መደበኛ ሰዓት ላይ 12 ሲጨመር፣ ሠራተኛው ሁሉ ፈቅዶና ጉልበቱ ችሎ ቢሠራ እንኳ የሚገኘው ጭማሪ አንድ አራተኛ ብቻ ነው። በቀን 125,000 ዘንግ ደረስን፤ 35,000 ይቀራል።

ስህተቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። 35,000ን ለ2,000 አካፍሎ «18 ሰው ይበቃል» የሚል አለ። አዲስ ሰው ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የነባር ሠራተኛ ፍጥነት የለውም። በራሱ በእርሻው የአምና መዝገብ አዲስ ገቢ ሠራተኛ በሁለተኛው ሳምንት የነባሩን 60 በመቶ ይሠራ ከነበረ፣ በቀን 1,200 ዘንግ ማለት ነው፤ ለ35,000 ዘንግ 30 ሰው ያስፈልጋል። 30 ደግሞ በጫናው ቀን ጠረጴዛ ላይ ቆመው መገኘት ያለባቸው ናቸው። ለሚቀጠሩት ሌላ ቁጥር አለ።

ክሪስ ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን በኢትዮጵያ አምስት ድርጅቶች ላይ ባደረጉት ጥናት ሥራ ካገኙት ሰዎች አንድ ሦስተኛው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ በዓመቱ ውስጥ ሥራውን ለቀዋል። እርሻ ላይ የሚሠራ የሰው ኃይል ኃላፊ ይህን ሲሰማ አይደነቅም። ስለዚህ ለ30 ሰው 40 መቅጠር፣ ከ40 ውጭ ደግሞ በስልክ ሊጠሩ የሚችሉ አሥር ሰዎችን በተጠባባቂነት መያዝ ያስፈልጋል። ለዚህ ወደ መቶ የሚጠጋ ሰው መታየት አለበት። በአሥራ ሁለት ሰው ቡድን ሲከፈል 96 ሰው ስምንት ቡድን ይሆናል፤ አንድ ቀን ይበቃዋል።

እዚህ ላይ አንድ ገደብ አለ። የሚፈለገው 40 ሆኖ በር ላይ የመጣው 45 ከሆነ ፈተናው ለመምረጥ አያገለግልም፤ ሁሉም ማለት ይቻላል ይገባሉ። ያኔ ፈተናው ማን ወደ ግሬዲንግ፣ ማን ወደ ማሸጊያ፣ ማን ወደ ግሪን ሀውስ ይሂድ የሚለውን ለመመደብ ብቻ ይጠቅማል። ይህም ቀላል ጥቅም አይደለም።

ቀኑ የሚመረጠው በበዓላቱ ነው

ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ የቀጠረ እርሻን የገና በዓል ሠራተኛ ያስመልጠዋል። ከሩቅ የመጡት፣ በተለይ ከወላይታ፣ ከሐዲያና ከከምባታ አካባቢ የሚመጡት ወጣቶች፣ ለበዓል አገራቸው ገብተው ሲመለሱ ወይ ዘግይተው ነው ወይ ጭራሹኑ አይመለሱም። ከጥምቀት በኋላ የቀጠረ ደግሞ ለልምምድ አምስት ቀን እንኳ ሳያገኝ ጫናው ይደርስበታል። በሁለቱ መሀል ያለችው ጠባብ ቀዳዳ ከጥር 2 እስከ 5 ናት። በጥር 3 ተፈትነው በጥር 5 ሥራ የጀመሩ ሰዎች ከከተራ በፊት አራት አምስት ቀን ይለማመዳሉ፤ ከጥምቀት መልስ በጥር 13 ሲገቡ ደግሞ ማን እንደተመለሰ ይታያል፤ በጎደለው ልክ ተጠባባቂው ይጠራል። በዓሉ ራሱ አንድ ወንፊት ሆኖ ያገለግላል ማለት ነው። ቀድሞ ከታሰበበት አይጎዳም።

ከሁሉ በፊት የሚደወለው ግን ለአምና ሠራተኞች ነው። የአምና ውጤታቸው በመዝገብ ካለ ፈተና አያስፈልጋቸውም፤ በአዋጁም መሠረት ለዚያው አሠሪ በዚያው ሥራ ላይ ተመልሶ የተቀጠረ ሰው እንደገና የሙከራ ጊዜ አይቆጠርበትም። ችግሩ ስልክ ነው፤ ሲም ካርድ ይቀየራል። ለዚህ ነው በምዝገባው ላይ ሁለተኛ ስልክ፣ የእናት ወይም የአከራይም ቢሆን፣ መያዝ ያለበት።

መጀመሪያ ማሳየት

የቡድን ማጣሪያው የመጀመሪያዎቹ 15 ደቂቃዎች ፈተና የለባቸውም። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ቁጥር ተለጥፎላቸው ሥራ ላይ ባለው አዳራሽ ውስጥ ይዞራሉ። ሠራተኞቹ ቆመው ሲሠሩ ያያሉ፤ እርጥቡን ወለል፣ እሾሁን፣ በቅጠል የተሞላውን ሳጥን ያያሉ። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍሉ ይከፈትና ገብተው ጥቂት ደቂቃ ይቆማሉ። እዚያ ውስጥ ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ነው። ስለ ብርዱ በቃል መንገርና ነጠላ ለብሶ እዚያ መቆም አንድ አይደሉም።

በዚያው ጉብኝት ላይ የሚነገሩ ነገሮች አሉ፦ የቀን ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል፣ ምን እንደሚቆረጥ፣ ሰርቪሱ ከየት ተነስቶ በስንት ሰዓት እንደሚመልስ፣ ትርፍ ሰዓት በየትኞቹ ቀናት እንደሚኖር፣ ሥራው በየትኛው ቀን እንደሚያልቅ። የመጨረሻው በብዛት ይሸፈናል። «ጎበዝ ከሆናችሁ ቋሚ ትሆናላችሁ» ብሎ ማለፍ ለቀጣሪው ለጊዜው ይቀለዋል፤ በየካቲት ወር በር ላይ ለሚነሳው ጭቅጭቅ ምክንያቱ ግን እሱ ነው። ወቅታዊ ሥራ በተወሰነ ጊዜ ውል ሊሠራ እንደሚችል አዋጁ በግልጽ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ ቀኑን መደበቅ አያስፈልግም።

ከጉብኝቱ በኋላ «የማይመቸው ካለ የመጓጓዣውን ወስዶ መሄድ ይችላል» ይባላል። ከአሥራ ሁለቱ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይወጣል። እነዚህ በሦስተኛው ቀን፣ ጓንትና ጋዋን ከተሰጣቸውና ከሠለጠኑ በኋላ፣ ሳይናገሩ ይቀሩ የነበሩ ናቸው። ለቀጣሪው ከፈተናው ይልቅ ይህ ሩብ ሰዓት የሚያተርፍለት ይበልጣል ብንል ማጋነን አይሆንም። የመጓጓዣ ገንዘቡ ለሁሉም፣ ለወጣውም ለተፈተነውም፣ እኩል መሰጠት አለበት፤ ለሚቆየው ብቻ ከተሰጠ ማንም አይወጣም።

ጉብኝቱ ሲታቀድ ግሪን ሀውስ የሚካተት ከሆነ የርጭት መዝገቡ መታየት አለበት። ተባይ ማጥፊያ ከተረጨ በኋላ ሰው መግባት የማይፈቀድበት ሰዓት ካላለፈ እንግዳ አይገባም። በቅጥር ቀን የሚረሳው አንዱ ነገር ይህ ነው፤ የሰው ኃይል ክፍሉና የርጭት ክፍሉ አይነጋገሩምና።

ሠላሳ ዘንግ፣ ሁለት ዙር

አሥራ ሁለት ጠረጴዛ ይዘጋጃል። በእያንዳንዱ ላይ የርዝመት መለኪያ ሰሌዳ፣ ጓንትና ባልዲ ውስጥ የቆመ 30 ዘንግ አለ። ከሠላሳው 24ቱ ደህና ናቸው፤ ስድስት ስድስት ሆነው በ40፣ በ50፣ በ60 እና በ70 ሳንቲ ሜትር ይከፈላሉ። ስድስቱ ደግሞ ሆን ተብሎ የገቡ ጉድለት ያለባቸው ናቸው፦ አንገቱ የታጠፈ፣ ከሚገባው በላይ የፈካ፣ ቅጠሉ የተበላ፣ ዘንጉ የቀጠነ፣ ከንፈሩ ማለትም የአበባው ቀለማም ቅጠል የተላጠ፣ አንዱም ቦትራይተስ የሚባለው የሻጋታ በሽታ ነጠብጣብ ያረፈበት። የቦትራይተሱ በተለይ ቸል አይባልም፤ አንድ የታመመ እራስ ካርቶን ውስጥ ከገባ እርጥበቱና መንገዱ ተደምረው ጎረቤቱን ይበላሉ። ለፈተናው ለውጭ ገበያ የማይሆነውን አበባ መጠቀም ይቻላል፤ ርዝመቱና ጉድለቱ ልክ እስከሆነ ድረስ ውበቱ ግድ አይሰጥም።

በእያንዳንዱ ዘንግ እግር ላይ በማይለቅ ቀለም ትንሽ ምልክት ይጻፋል። ምልክቱ ለፈታኙ ብቻ የሚገባ ሲሆን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይለያያል። ጥቅሙ ቆጠራው ላይ ነው፤ ፈታኙ እያንዳንዱን ዘንግ እንደገና ሳይለካ እግሩን ብቻ አይቶ የትኛው ክምር ውስጥ መሆን እንደነበረበት ያውቃል።

አንዲት ጎበዝ ግሬደር ሥራውን ለአምስት ደቂቃ ትሠራለች፤ እየሠራች ታሳያለች። ማብራሪያው ከቃል ይልቅ በእጅ መሆን አለበት፤ የመጡት ሰዎች አፍ የፈቱበት ቋንቋ አማርኛ ላይሆን ይችላል፤ ዝዋይ ላይ አፋን ኦሮሞም ወላይትኛም የሚናገር አስረጂ ከጎን ካልቆመ ፈተናው የቋንቋ ፈተና ሆኖ ያርፋል። በዚሁ ምክንያት ቅጽ ማስሞላት አያስፈልግም፤ ከ40 እስከ 70 ያለውን ቁጥር ማንበብ ይበቃል።

ከዚያ የመጀመሪያው ዙር፣ ስድስት ደቂቃ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሁሉም እጁን ያነሳል። ሁለቱ ፈታኞች በአራት ደቂቃ ውስጥ እየዞሩ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ስህተት ብቻ ያሳያሉ፤ «ይቺን እያት፣ 50 መስላሽ ነበር፤ የአበባዋ እራስ የሰሌዳውን የ50 ምልክት አልነካም»። ከዚያ እያንዳንዱ ሰው ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ይዛወርና እንደገና በተቀላቀለ ሌላ 30 ዘንግ ስድስት ደቂቃ ይሠራል። መዛወሩ ለዋዛ አይደለም፤ በራሱ ጠረጴዛ ላይ ቢቀር የትኛው አበባ የትኛው እንደሆነ ያስታውሳል።

ውጤቱ የሚቆጠረው ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ ነው። ቡድኑ ወደ ቀጣዩ ቦታ ሲሄድ ክምሮቹ በቁጥራቸው ጠረጴዛ ላይ ይቀራሉ። ፈታኙ «ቁጥር 41»ን እንጂ የማን እህት፣ የማን ጎረቤት እንደሆነች አያይም። አማላጅ በበዛበት ቅጥር ይህቺ ትንሽ ዘዴ ከብዙ መመሪያ ትበልጣለች፤ ሱፐርቫይዘሩም ለዘመዱ «ምን ላድርግ፣ የተቆጠረው አበባው ነው» የሚልበት መውጫ ያገኛል።

አቆጣጠሩ ቀላል ነው። በትክክለኛው ክምር የገባ ዘንግ አንድ ነጥብ። የርዝመት ስህተት አንድ ነጥብ ይቀንሳል፤ ደህናውን አበባ የጣለም እንዲሁ። ሳይታይ ያለፈ ጉድለት ሁለት ይቀንሳል፤ በአያያዝ የተሰበረ ወይም የተላጠ አበባም ሁለት። በሰዓቱ ያልተደረሰበት ዘንግ ምንም አይቀንስም።

ፈጣኗ ወይስ የተሻሻለችው?

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስን። ሁለት አመልካቾችን እንውሰድ። ቁጥር 17 በመጀመሪያው ዙር 26 ዘንግ ለይታለች፤ 7ቱ ስህተት ናቸው። በሁለተኛው ዙር ሠላሳውንም ጨረሰች፤ ስህተቷ አሁንም 7 ነው፤ ከእነሱም ሦስቱ ያለፉ ጉድለቶች። ቁጥር 41 በመጀመሪያው ዙር 15 ብቻ ደረሰች፤ 5 ተሳሳተች። ሁለት ስህተቷ ከታያት በኋላ ግን 23 ለይታ አንድ ብቻ ሳተች።

በር ላይ ቆሞ የሚመርጥ ሰው 17ን ይወስዳል። እጇ ይሮጣል፤ ያስደስታል። ግን ምን ይዛ ትመጣለች? ከሠላሳ ሰባት ስህተት ማለት ሩብ ገደማ ነው። በ20 ዘንግ እሽግ ውስጥ አንዷ 50፣ በ60ዎቹ መሀል ከገባች እሽጉ ይፈታል፤ መለየቱ፣ ማሰሩና መጠቅለሉ እንደገና ይሠራል። የእሷ ፍጥነት የጥራት ተቆጣጣሪውንና የሌላ ሰው ሰዓት ይበላል። ካልታየ ደግሞ ገዢው ያየዋል። 41 በአንጻሩ ከሁለት እርማት ብቻ ተምራለች፤ ፍጥነቷም ጨምሯል። በአሥር የሥራ ቀን ውስጥ ፍጥነት ከእጅ ልምድ ጋር ይመጣል፤ የሚታረም ዓይን ግን ከመጀመሪያው መኖር አለበት። ስለዚህ የሚመዘገበው የሁለተኛው ዙር ነጥብ ሲሆን፣ ነጥባቸው የተቀራረበ ሰዎችን የሚለየው ከመጀመሪያው ዙር ምን ያህል ተሻሻሉ የሚለው ነው።

ይህ አመልካቾቹን ከልምድ አድልዎም ያድናል። ከሌላ እርሻ የመጣች ሴት በመጀመሪያው ዙር ትበልጣለች፤ ተገቢም ነው። ነገር ግን የቀድሞ እርሻዋ በሌላ የመፍካት ደረጃ ይቆርጥ ከነበረ፣ «ከሚገባው በላይ የፈካ» የሚለውን በራሷ መለኪያ ታሳልፋለች። ሁለተኛው ዙር እዚህም ይናገራል፤ ታርማለች ወይስ «እኛ ጋ እንዲህ ነበር» ብላ ትቀጥላለች?

ለቆራጮች የሚሰጠው ፈተናም በዚሁ ሐሳብ ይሠራል፤ ነገር ግን መቀስ አይሰጥም። ልምድ የሌለው ሰው በስለት ሲቸኩል ጣቱን ይቆርጣል፤ ካልቆረጠም ያልደረሰ አበባ ይቆርጣል። በምትኩ ሦስት የመፍካት ደረጃ ያላቸው አበቦች ይታዩና አመልካቹ በአንድ መደብ ላይ ለመቁረጥ የደረሱትን ብቻ እየመረጠ ቀለም ያለው ክር ያስርባቸዋል። ፈታኙ ተከትሎ ክሩን ይቆጥራል፤ የተዘለለውንም ያያል። ተክሉም ጣቱም ደህና ይሆናሉ።

አራት ሰው፣ አንድ እሽግ

የመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች የቡድን ሥራ ናቸው። አራት አራት ሆነው አንዱ ያቀብላል፣ አንዱ ያደራጃል፣ አንዱ ያስራል፣ አንዱ ጠቅልሎ ባልዲ ውስጥ ያቆማል። የሚታየው ማን መሪ እንደሆነ አይደለም፤ ስለ መሪነት የሚደረግ የቡድን ውይይት ለዚህ ሥራ ምንም አይነግርም። የሚቆጠረው እሽጉ በትክክል 20 ነው ወይስ 19 ወይም 21፣ እራሶቹ እኩል ተደርድረዋል ወይስ እርስ በርስ ተጫጭነዋል የሚለው ነው። ከዚህ ውጭ አንድ ነገር ብቻ ይመዘገባል፦ ከፊቱ ያለው ሰው ሲዘገይ የሚሠራው ምንድን ነው? ይገፋል፣ ቆሞ ያያል ወይስ ያግዛል? ሦስት ምልክት ይበቃል። ከዚህ የበለጠ ባሕርይ በአሥር ደቂቃ አየሁ የሚል ፈታኝ የራሱን ስሜት ነው የሚጽፈው።

የሚበላሸው የት ላይ ነው?

ከጉብኝቱ እስከ እሽጉ 46 ደቂቃ ይፈጃል። አንዱ ቡድን ሲፈተን ሌላው ስለሚጎበኝ በየ40 ደቂቃው አንድ ቡድን ይገባል፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተጀመረው 7:30 ላይ ያልቃል። የምሳ እረፍት አለመኖሩ ይጠቅማል። በእረፍት ሰዓት የወጣው ላልገባው «ስድስቱ መጥፎ ናቸው» ይለዋል፤ የቀሩት ቡድኖች ስድስት እስኪሞላ መጣል ይጀምራሉ። ይህ እየሆነ መሆኑ የሚታወቀው ከሰዓት በኋላ በገቡት ላይ ያለፈ ጉድለት ቀንሶ የተጣለ ደህና አበባ ሲበዛ ነው። መድኃኒቱ በአንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ የጉድለቱን ቁጥር አምስት ወይም ሰባት ማድረግ ነው።

አበባውም ይደክማል። አንድ ዘንግ በሁለት ሰው እጅ ሲያልፍ ምንም አይሆንም፤ በስምንተኛው ላይ ከንፈሩ ይላጣል፤ የመጨረሻው ቡድን ደህና የነበረውን አበባ «ተላጧል» ብሎ ሲጥል ልክ ነው፣ የሚቀነስበት ግን እሱ ነው። ስለዚህ ለአሥራ ሁለቱ ጠረጴዛ የሚያስፈልገው 360 ዘንግ ቢያንስ በየሁለት ቡድኑ ይታደሳል፤ ለቀኑ 1,440 መሆኑ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ስህተት የማለፊያ ነጥብን ከአየር ላይ ማምጣት ነው። ከፈተናው ሁለት ቀን በፊት ስምንት ነባር ሠራተኞች ይፈተናሉ፤ አራቱ በመዝገብ ጎበዞች፣ አራቱ ደካሞች። ጎበዞቹ በግልጽ ካልበለጡ የተበላሸው ፈተናው ነው፤ ብርሃኑ ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ጉድለቶቹ ከመጠን በላይ ግልጽ ወይም ስውር ሊሆኑ ይችላሉ። ከበለጡ ደግሞ ከአዲስ ሰው የሚጠበቀው የት ላይ እንደሆነ ይታያል።

ሌላው ፈተናው ሳይታወቅ ወደ ነፃ ጉልበት መንሸራተቱ ነው። «ግማሽ ቀን ሠርታችሁ አሳዩን» ብሎ ለገበያ የሚወጣ አበባ ማስለየት ፈተና አይደለም፤ ክፍያ የሚገባው ሥራ ነው። የአሥር ደቂቃ ፈተና ስምንት ሰዓት መቆምን አይለካም፤ እውነት ነው። እሱን የሚለካው ግን ደመወዝ የሚከፈልበት የመጀመሪያው ሳምንት ነው። አዋጁ እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ በጽሑፍ ስምምነት ካለ። ለአጭር ጊዜ ሥራ ስልሳውን ሁሉ ሙከራ ማድረግ ግን ሠራተኛውን እስከ መጨረሻው ያለ ዋስትና ማቆየት ስለሆነ አሥር ቀን ይበቃል።

ዕድሜም አለ። ሕጉ ከ15 ዓመት ጀምሮ ቢፈቅድም ከ18 በታች ያለ ወጣት በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፤ ትርፍ ሰዓትም አይፈቀድለትም። ጫና ባለበት ሳምንት ይህን ለይቶ መቆጣጠር ስለሚከብድ ለዚህ ቅጥር 18 ዓመትን መነሻ ማድረግ ይቀላል፤ መታወቂያው በር ላይ፣ ከጉብኝቱ በፊት ይታያል። ሰውን አስፈትኖ ሲያበቃ በዕድሜ መመለስ ደግ አይደለም።

በዚያው ከሰዓት

ውጤቱ በዚያው ቀን ይነገራል። «እንደውላለን» የተባለች ሴት በማግስቱ ሌላ እርሻ በር ላይ ናት፤ በዚያ ሳምንት ሁሉም ይቀጥራሉና። 8:30 ላይ የ40ው ቁጥር ይለጠፋል፤ የአሥሩ ተጠባባቂም በተራ። ውሉ በዚያው ይፈረማል፤ የተፈረመ ውል ካልተሰጠ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ዋና ነጥቦች በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። ጫናው ሳይመጣ መጨረሱ ይሻላል።

መስመሩ አካባቢ ያሉት ያስቸግራሉ። 38ኛዋ 19 ነጥብ፣ 43ኛዋ 18 ነጥብ ቢኖራቸው ልዩነቱ የችሎታ ላይሆን ይችላል፤ አንዷ የተጎዳ አበባ ደርሷት ይሆናል። ሁለቱም ዙር የተቀራረበላቸውን አምስት ስድስት ሰዎች በፊታቸው ዕጣ ማውጣት ከሱፐርቫይዘር «ግምት» ይሻላል። ያልደረሳቸውም አይከፋቸውም፤ ዕጣ ነዋ።

እያንዳንዱ እሽግ የሠራችው ግሬደር ኮድ ስለሚለጠፍበት፣ ከጥር 13 እስከ 17 ባሉት ቀናት የእያንዳንዱ አዲስ ሠራተኛ ፍጥነትና የተፈታባት እሽግ ቁጥር በቀላሉ ይገኛል። ከፈተና ነጥቡ ጎን ሲጻፍ በአንድ ገጽ ያልቃል። በፈተናው ከፍተኛ ያገኙት አዳራሹ ውስጥም የሚበልጡ ከሆነ ፈተናው ይያዛል። ካልሆነ የቱ ክፍል እንደሳተ ይታያል፤ ምናልባት ርዝመቱ ላይ ጥሩ ሆኖ ጉድለቱ ላይ ደካማ ይሆናል። በዕጣ የገቡት እዚህ ይጠቅማሉ፤ ከመስመሩ በታች የነበሩት እኩል እየሠሩ ከሆነ የማለፊያ ነጥቡ ከፍ ብሏል ማለት ነው።

ይህቺ ገጽ በየካቲት 7 ፋይል ውስጥ አትገባም። ከሦስት ሳምንት በኋላ የካቲት 29 የሴቶች ቀን አለ፤ አበባው ለእሱም ይወጣል፤ በግንቦት መጀመሪያ ደግሞ የእናቶች ቀን ይመጣል። ከ40ው እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ የሠሩት 31 ቢሆኑ፣ ሲሰናበቱ ሁለቱ ስልኮቻቸው ፊት ለፊታቸው ተደውሎ መጥራቱ ይረጋገጣል። ከመጨረሻ ደመወዛቸው ጋር የሥራ ምስክር ወረቀታቸው ይሰጣቸዋል፤ ግሬዲንግ ኮዳቸውም አይሰረዝም።